እማማ ጆኩዱ የተመዘገቡ ዕለት

ከዬይ ከተማ ሸሽተው ድንበሩን ተሻግረው የመጡትን ስደተኞች በምንቀበልበት ጣቢያ አስተርጓሚ ነበርኩ። እኔም ከዓመታት በፊት በዚያው መንገድ፣ ልጄን አዝዬ የመጣሁ ነኝ። ካክዋ የአፍ መፍቻዬ ነው፤ የጁባ አረብኛም እችላለሁ፤ እንግሊዝኛውን ዬይ የሚስዮን ትምህርት ቤት ነው የተማርኩት። በመዝጋቢዋና በተመዝጋቢው መካከል ቁጭ ብዬ የአንዱን ቃል ለሌላው ማድረስ ነበር ሥራዬ። ብዙ ሰው አይቻለሁ። እንደ እማማ ጆኩዱ ቤተሰብ ግን ሰልፉን ሁሉ ያስጨበጨበ አላየሁም።

የመጡት ሰኞ ነው። ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር ግቢው ጭቃ ሆኗል። በድንበሩ መሰብሰቢያ የታሰረላቸው የፕላስቲክ አምባር በእጃቸው ላይ አለ፤ ልጆቹ ክትባት ተከትበው ክንዳቸውን ይዘው ይነጫነጫሉ። እማማ ጆኩዱ መሐል አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። ሸምገል ያሉ፣ ቀጥ ብለው የሚቀመጡ ሴት ናቸው። ዐይናቸው አያይም። በቀኛቸው ኪደን፣ በግራቸው ያንጊ። ሁለቱ የአንድ ሰው ሚስቶች ነበሩ። ሰውየው የእማማ ጆኩዱ ብቸኛ ልጅ ሊካምቦ ነው፤ ከሁለት ዓመት በፊት በጥይት ሞቶ በጓሯቸው ተቀብሯል።

ጣውንት እንደ ጣውንት ነው። ሁለቱ ሴቶች ከድንበር እስከ ጣቢያ በመኪናው ላይ ሲጨቃጨቁ መጥተው ነበር፤ አግዳሚው ላይም አላቆሙም።

«ብርድ ልብሱን ወደ እኔ አምጪው፤ እማማን እኔ ነኝ የማለብሳቸው» አለች ኪደን። ትልቋ ሚስት ናት፤ ድምፅዋ ከሩቅ ይሰማል።

«አንቺ መቼ አልብሰሻቸው ታውቂያለሽ? ከቤት እስከ ድንበር የማንን ቀሚስ ይዘው ነው የመጡት?» አለች ያንጊ። ቀጭን ናት፤ የሁለት ዓመት ልጇን ታቅፋለች።

«አንቺ ከመምጣትሽ በፊት እዚያ ቤት አልነበርኩም እንዴ? ልጆቼን ያዋለዱኝ እኮ እሳቸው ናቸው!»

«ታዲያ ስላዋለዱሽ ገዛሻቸው?»

እማማ ጆኩዱ መሐል ሆነው ያዳምጣሉ። ከአፋቸው ላይ የፈገግታ ጥላ እንዳለ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም ያየሁት።

ተራቸው ደርሶ ድንኳኑ ውስጥ ገቡ። መዝጋቢያችን አዲሩ የምትባል የአገሩ ልጅ፣ ከሉግባራ ጎሳ ናት፤ ፈጣን፣ ሳቂታ፣ ግን ሥራዋ ላይ ቀልድ የማታውቅ። «ኪደን ከልጆቿ ጋር አንድ ቤተሰብ፣ ያንጊ ከልጇ ጋር ሌላ ቤተሰብ» አለች የኮምፒውተሯን ማያ እያየች። «እዚህ የአንድ ሰው ሚስቶች ለየብቻ ነው የሚመዘገቡት። ለየራሳቸው ወረቀት፣ ለየራሳቸው መሬት። አሮጊቷስ ከማን ጋር ናቸው?»

ተረጎምኩ።

«ከእኔ ጋር!» አሉ ሁለቱም በአንድ ጊዜ።

አዲሩ ቀና አለች። «አንድ ሰው በሁለት ወረቀት አይጻፍም። ወይ እዚህ ወይ እዚያ።»

ከዚያ ወዲያ ያለውን ጩኸት ምን ብዬ ልንገራችሁ። ኪደን ጠረጴዛውን መታች። ያንጊ ልጇን ለሞጋ አስታቀፈችና ወገቧን ያዘች። ሞጋ የኪደን ልጅ ነው፣ ስምንት ዓመቱ። ቫዮላ የምትባለው ታላቅ እኅቱ ደግሞ ዐሥራ ሦስት ይሆናታል፤ በእፍረት ፊቷን በሻሽ ሸፈነች።

ከሰልፉ አንዱ ጎልማሳ አንገቱን በድንኳኑ በር አስገብቶ፣ «አሮጊቷን ለምን እንደሚፈልጓቸው አታውቁም? ደካማ ሰው ያለው ቤተሰብ ጎጆ ይሠራለታል! እንጨቱና ሣሩ አምሯቸው ነው!» አለ።

ሰልፉ ሳቀ። ሁለቱ ሴቶች ግን አልሳቁም። ኪደን ዘወር ብላ ሰውየውን አየችው፤ ዐይኗ እንባ ሞልቷል። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የጎጆ እንዳልሆነ የገባኝ። ውሸት ነው አልልም፤ አቅመ ደካማ ላለበት ቤተሰብ ጎጆ ማቆም ላይ እርዳታ አለ። ግን እነዚህ ሴቶች ያንን ከየት ሰምተው? ገና ከመኪና መውረዳቸው ነው።

«አንተ ሰውዬ» አለች ያንጊ፣ ድምፅዋ ዝግ ብሎ፣ «ባሌን በቀበርኩ ዕለት እማማ አልጋቸው ላይ አስተኙኝ። የገዛ እናቴ ካሳደገችኝ ወዲህ ማንም አልጋው ላይ አስተኝቶኝ አያውቅም። ሂድና ተራህን ጠብቅ።»

ሰውየው አንገቱን መለሰ።

አዲሩ ኮምፒውተሯን ዘጋች። «ይሄ የእኔ አይደለም፤ ወደ ጥበቃው ጠረጴዛ» አለች። ጥበቃ የምንለው ለብቻ የተተከለች ትንሽ ድንኳን ናት፤ ብቻውን የመጣ ልጅ፣ የተደፈረች ሴት፣ የተጣላ ቤተሰብ እዚያ ነው የሚነጋገረው። የጣቢያው ኃላፊ ሚስተር ድራኒ ራሳቸው መጡ። ረጅም፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። «አሮጊቷን ለብቻቸው እናነጋግር፤ ማንም አጠገባቸው አይሁን» አሉ።

ስለዚህ እማማ ጆኩዱን ክንዳቸውን ይዤ አስገባኋቸው።

«እማማ፣ ከየትኛዋ ምራትዎ ጋር መኖር ይፈልጋሉ? ሳይፈሩ ይንገሩን» አልኳቸው።

«ማንን እፈራለሁ ልጄ?» አሉ። «መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያ የምትሰጡት ወረቀት ምን ያደርጋል?»

«ወረቀቱ እዚህ አገር ማን እንደሆኑ ይናገርልዎታል። ምግብ ሲታደል በሱ ነው። ጤና ጣቢያ ሲሄዱ፣ ልጆች ትምህርት ቤት ሲገቡ፣ ስልክ ሲያወጡ፣ ፖሊስ መንገድ ላይ ሲጠይቅዎት፣ በሱ ነው።»

«ላይኛው ላይ የሚጻፈው ማነው?»

«የቤተሰቡ ራስ።»

«የግድ ወንድ ነው?»

«አይደለም እማማ። እዚህ አብዛኛዎቹ ሴቶች ናቸው።»

«የግድ ዐይኑ የሚያይ ነው?»

ለሚስተር ድራኒ ተረጎምኩላቸው። ሳቁና፣ «አይደለም» አሉ።

«እንግዲያው እኔን ላይ ጻፉኝ። እነዚያን ሁለት ጯሂዎች ከነልጆቻቸው ከሥሬ ጻፉልኝ። ልጄ ሊካምቦ ሁለቱንም አምጥቶ እናቴ ሆይ ያዥልኝ ብሎኛል። ይዣለሁ። እስኪ አሁን ማን ነው ከእጄ የሚቀንስልኝ?»

ሚስተር ድራኒ ብዕራቸውን አስቀምጠው ለአፍታ አሮጊቷን አዩአቸው። «ይቻላል» አሉ። «የጋብቻ ዘመድ ከአማቱ ሥር መጻፍ ይችላል። ግን ዐዋቂ ሁሉ በራሱ ፈቃድ ነው። እያንዳንዳቸውን ለብቻ እጠይቃለሁ። የሚቀርባቸውን ማወቅ አለባቸው።»

ኪደንን አስገባናት። ለብቻሽ ብትጻፊ የራስሽ መሬት፣ የራስሽ ድስት፣ የራስሽ ወረቀት ይኖርሻል፤ አብራችሁ ከሆነ ግን የሁላችሁም አንድ ነው፤ የምግቡ መጠን በሰው ልክ ስለሆነ አይጎድልም አልናት።

«ከዚያች ጋር በአንድ ግቢ?» አለች። ቀጥላ፣ «እማማ ናቸው ያሉት?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ምን ትጠይቁኛላችሁ? ጻፉ!»

ያንጊም እንዲሁ። ብቻ ከመውጣቷ በፊት ዘወር ብላ፣ «ኪደን እሺ አለች?» ብላ ጠየቀችኝ። የሌላውን ሰው መልስ መናገር አይፈቀድልኝም። እሷ ግን ፊቴን አይታ ፍርፍር ብላ ሳቀች።

ወደ አዲሩ ጠረጴዛ ስንመለስ ሰልፉ ሁሉ ወሬውን ሰምቷል። አሮጊቷ ራስ ሊሆኑ ነው! አንዲት ሴት እልል አለች። የጉዞ መኪኖቹም ከበሩ ውጭ መጥተው ተደርድረዋል፤ ተመዝግቦ ያለቀለት በዕለቱ መሬት ወደሚሰጥበት መንደር ይሄዳል፣ ያላለቀለት በጭቃው መሐል ድንኳን ውስጥ ያድራል። ሁሉም ችኩል ነበር።

አዲሩ ጥያቄዋን ጀመረች። ስም፣ የአባት ስም፣ የእናት ስም፣ የትውልድ መንደር፣ ሃይማኖት፣ የወጡበት ምክንያት።

«የትውልድ ቀን?»

«የትልቁ ረሃብ ዓመት ነው፤ ማሽላው በአንበጣ ያለቀ ጊዜ» አሉ እማማ።

አዲሩ ከልጆቻቸውና ከዘመኑ ነገሮች አያይዛ ዓመቱን ገመተች። «ቀኑን ለማያውቅ ሁሉ ጃንዋሪ አንድ ነው የምንጽፈው» አለች።

«ቫዮላስ የተወለደችው መቼ ነው?» አለቻት ኪደንን።

«በዝናቡ መግቢያ።»

«ዓመቱን ታውቂዋለሽ፤ ቀኑን ግን ... ጃንዋሪ አንድ።»

እማማ ጆኩዱ ጆሯቸውን አቀኑ። «ከልጅ ልጄ ጋር በአንድ ቀን ተወለድኩ ማለት ነው?»

ከሰልፉ አንዱ፣ «እማማ፣ እኔም ያኔ ነው የተወለድኩት!» ሲል፣ ሌላው፣ «እኔም!» አለ፤ «የዚህ ግቢ ሰው እናት ሁሉ በአንድ ቀን ነው ያማጠችው!» አለች አንዲት ሴት። አዲሩ ራሷ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

ፎቶው በቀላሉ አለቀ። ችግሩ የመጣው ከአሻራው ነው።

እማማ ጆኩዱ ዕድሜ ልካቸውን መሬት ቆፍረው፣ ካሳቫ ልጠው የኖሩ ናቸው። ጣታቸው እንደ ወንዝ ድንጋይ ለስልሷል። አዲሩ አውራ ጣታቸውን የአሻራ ማሽኑ መስተዋት ላይ አስቀመጠች፤ ማሽኑ ቀይ አበራ። በእርጥብ ጨርቅ ጠርጋ ደገመች፤ ቀይ። ሌላውን ጣት፤ ቀይ።

«ዘይት ቀቡት!» አለ ከኋላ አንዱ።

«ዘይት ያበላሸዋል፤ በሳሙና እጠቡት!» አለ ሌላው።

«በእፍ አሙቁት እንጂ!»

ሞጋ የአያቱን ጣቶች ሰብስቦ በትንፋሹ ማሞቅ ጀመረ፤ ጉንጩ ተነፋ። ተሞከረ፤ ቀይ። ሰልፉ በየሙከራው «ውይ!» ይላል፤ የኳስ ጨዋታ ይመስል ነበር።

«ዐይናቸውን ልሞክር» አለች አዲሩ። ዐይን የሚያነሳውን ማሽን አንስታ ፊታቸው ላይ ያዘች። ሰው ብርሃኑን ሲያይ ቀጥ ብሎ ይመለከተዋል፤ ማሽኑም ይይዘዋል። እማማ ግን ብርሃኑ የት እንዳለ አያውቁም። የቀኝ ዐይናቸው በድሮ ሕመም ጠባሳ ነጭ ሆኗል፤ ያ ተስፋ የለውም። የግራው ሞራ ብቻ ነው ያለበት፤ ሽፋኑ ግን ወድቋል፤ ዐይኑም ወዲያና ወዲህ ይዞራል። አልያዘም። ደግሞ አልያዘም።

ውጭ የመጀመሪያው መኪና ሞተሩን አስነሳ። ኪደን እጇን ራሷ ላይ ጫነች። «ሊተዉን ነው! ራሱ ካልተያዘ አካሉ ይቀራል!»

«ማንም አይተዋችሁም» አሉ ሚስተር ድራኒ። «አሻራ የማይያዝለት ሰው ብዙ ነው። ምክንያቱን ጽፌ በፎቶው ብቻ አሳልፋቸዋለሁ። ሥልጣኑ አለኝ።»

ይህን ለእማማ ስተረጉምላቸው ፊታቸውን አኮሳተሩ።

«ሌላው ሰው በዐይኑ ገብቶ እኔ ብቻ በፎቶ? በር እያለ በአጥር አልገባም» አሉ። «አንዴ ሞክሩኝ። ካልሆነ ያንተን እቀበላለሁ።»

ሚስተር ድራኒ ወደ በሩ አዩ፤ ወደ መኪኖቹ እጃቸውን አንስተው ቆዩ የሚል ምልክት ሰጡ።

ያኔ ነው ቫዮላ፣ ከጠዋት ጀምሮ ፊቷን የሸፈነችው ልጅ፣ ሻሿን አውርዳ የተነሳችው። «አያቴ የምታየው በጆሮዋ ነው» አለች። «ከማሽኑ ኋላ ልቁም።»

አዲሩ ተገርማ ወደ ጎን ፈቀቅ አለችላት። ያንጊ ከእማማ ኋላ ቆማ ጭንቅላታቸውን ደረቷ ላይ አስደገፈች። ኪደን በጣቷ የግራውን ዐይን ሽፋን ቀስ ብላ ገለጠች። ሁለቱ ጣውንቶች እንዲህ ተቃርበው ሲቆሙ ያየሁት ያን ጊዜ ነው፤ ትንፋሻቸው ይነካካል።

«ዝም በሉ!» አልኩ ወደ ሰልፉ፤ ሳላስበው ጮኼ። «ዝም በሉ፣ ይስሙ!»

ግቢው ጸጥ አለ። የሚያለቅሰውን ሕፃን እንኳ እናቱ ጡቷን አጎረሰችው። ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋ።

«አያቴ» አለች ቫዮላ፣ ከማሽኑ በስተኋላ ተንበርክካ። «እኔ ነኝ። እዚህ ነኝ። ወደ እኔ።»

የእማማ ፊት ዞረ። ዐይኑ ተንከራተተ።

«ትንሽ ወደ ታች፣ አያቴ። ወደ አፌ። ታስታውሻለሽ ማታ ማታ ተረት ስትነግሪኝ እንዳልተኛሁ በምን ታውቂ ነበር? እንደዚያ እይኝ። እዚህ ነኝ። እዚህ። እዚህ።»

ዐይኑ ቆመ። ቀጥ ብሎ፣ የሚያይ ያህል፣ የልጅቷ ድምፅ ላይ ቆመ።

ማሽኑ ጢጥ አለ። አረንጓዴ።

እግዚአብሔር ያሳያችሁ! አዲሩ ከወንበሯ ዘለለች። «ያዘ! ያዘ!» ሰልፉ ፈነዳ። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት፤ ያ ስለ ጎጆ የተናገረው ጎልማሳ ጀሪካኑን ከበሮ አድርጎ ይመታል። ሾፌሩ ጡሩምባውን ነፋ። ሞጋ ጭቃው ውስጥ እየተንደባለለ ይስቃል። ረጋ ያሉት ሚስተር ድራኒ እንኳ መነጽራቸውን አውልቀው ይጠርጋሉ። ኪደን ያንጊን አንገቷን አንቃ ይዛት ነበር፤ እያቀፈቻት መሆኑን ያወቀችው ቆይታ ነው መሰለኝ፣ ደንገጥ ብላ ለቀቀቻት።

«ምን ተደረገ? ንገሩኝ እንጂ!» ይላሉ እማማ።

«ገቡ እማማ! በበሩ ገቡ!» አልኳቸው።

ወረቀቱ ታተመ። ስድስት ስም፣ ስድስት ፎቶ። ላይ ጆኩዱ፣ የቤተሰቡ ራስ። ከሥር ኪደን፣ ምራት፤ ያንጊ፣ ምራት፤ ቫዮላ፣ ሞጋና የያንጊው ትንሹ ላዱ፣ የልጅ ልጆች። እማማ ሦስቴ አስነበቡኝ። ከዚያ አጣጥፈው ደረታቸው ውስጥ ከተቱት። ኪደን «እኔ ልያዘው» ስትል፣ ያንጊም «እኔ ልያዘው» ስትል፣ «ራስ እያለ ወረቀት በእጅ አይያዝም» አሏቸውና ወደ መኪናው ተነሱ። ድስቱን፣ ምንጣፉን፣ ብርድ ልብሱን፣ መቆፈሪያውን ተረክበው ሲወጡ ከኋላቸው ሕዝቡ እያዜመ ሸኛቸው።

እኔም በዕረፍት ቀኔ መንደሩ ድረስ መሄድ አመጣሁ፤ እማማ ሲናገሩ መስማት ይጥመኝ ነበር። የተሰጣቸው መሬት ጥቁር አፈር ነው፤ ግማሹ ድንጋይ ቢሆንም ባቄላው በቀለ። ቫዮላ ወረቀቱን አሳይታ ትምህርት ቤት ገባች፤ አንድ ክፍል ዝቅ አድርገዋት አልቅሳ ነበር፣ በትምህርት ወቅቱ ማለቂያ ግን አንደኛ ወጣች። ጤና ጣቢያው የእማማን ግራ ዐይን አይቶ፣ ስማቸውን ከወረቀቱ ገልብጦ ወደ ሆስፒታል ላካቸው። የዐይን ሐኪሞች በየጊዜው የሚመጡበት ወቅት ደርሶ ሞራው ተነሣ።

ፋሻው ሲፈታ እኔም ነበርኩ። በመጀመሪያ ያዩት ኪደንን ነው። «አረጀሽ» አሏት፤ ኪደን በደስታ ጮኸች። ከዚያ ወደ ያንጊ ዞሩ። ያንጊ ወደዚያ ቤት የገባችው እሳቸው ማየት ካቆሙ በኋላ ስለሆነ አይተዋት አያውቁም። ብዙ ጊዜ ወሰዱ። በመጨረሻ፣ «ድምፅሽን ስሰማ ወፍራም ሴት ነበር የምትመስይኝ። ይቺን የመሰለች ሸንበቆ ናት ያን ሁሉ መንገድ የጎተተችኝ?» አሉና ፊቷን በሁለት እጃቸው ያዙት።

በዓመቱ ያንጊን ሊያገባ የሚፈልግ ሰው መጣ። ሉዋቴ ይባላል፤ ብስክሌት ጠጋኝ፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ ጨዋ። ከማን እንደሚጠይቃት ግራ ገብቶት መንደሩን ሲዞር ሰነበተና በመጨረሻ ሽማግሌ ይዞ እማማ ጆኩዱ ፊት ቆመ።

«የቤተሰቡ ራስ ማን እንደሆነ ታውቃለህ?» አሉት እማማ።

«እርስዎ ነዎት፣ እናቴ።»

«ማን ነገረህ?»

«ወረቀቱ።»

«ጥሩ፤ ማንበብ ታውቃለህ ማለት ነው። እንግዲህ ስለ ጥሎሹ ፍየሎች እንነጋገር።»

ክርክሩ ሦስት እሁድ ፈጀ። ለያንጊ ከያንጊ በላይ የተከራከረችላት ኪደን ናት፤ «በዚህ ፍየልማ የኔን ጫማ እንኳ አትወስድም!» እያለች ሽማግሌዎቹን አንቀጠቀጠቻቸው። ሲስማሙ ሁላችንም ተነስተን ወደ መንደሩ ጽሕፈት ቤት ሄድን። ቤተሰብ ሲከፈል የቤተሰቡ ራስም የሚለየውም ፊት ለፊት ቀርበው መስማማት አለባቸው። መዝጋቢው ወጣት ልጅ እማማን በዐይን ማሽኑ ሊያረጋግጣቸው ሲነሳ እሳቸው ቀድመው ፊታቸውን አቀኑ። ያንጊና ላዱ ከእማማ ወረቀት ወጥተው ለራሳቸው ወረቀት ታተመላቸው፤ የሉዋቴ ስም ደግሞ ከእነሱ ጋር ተደመረ።

የሰርጉ ዕለት የተጨፈረው ጭፈራ አቧራው እስከ ዋናው መንገድ ይታይ ነበር። እማማ ከኋላ አልቀመጥ ብለው መሐል ገብተው ትከሻቸውን ነቀነቁ። ማምሻውን ሙሽሮቹ ወደ አዲሱ ግቢ፣ ከኪደን ደጃፍ አምስት ቤት ያህል ወደሚርቀው፣ ሲሄዱ ኪደን መንገዱ ላይ ቆማ ቀረች። እንባዋ ይፈሳል፤ አፏ ግን አልቆመም።

«ትልቁን ድስት ይዘሽ ሄድሽ አይደል፣ አንቺ ሌባ! ነገ ሳይነጋ ካልመለስሽ መጥቼ ጎጆሽን ነው የማፈርሰው!»

«ነይና አፍርሺው!» አለች ያንጊ ከሩቅ። «ቁርስም እዚያው ትበያለሽ!»